ማን፣ በየትኛው ቃል ላይ? የአንድ ሰዓት ዌቢናር ከመጀመሩ በፊት የሚጻፈው ወረቀት

የደም ግፊትን ቤት ውስጥ በትክክል ለመለካት ሰውየው አስቀድሞ 5 ደቂቃ ጸጥ ብሎ መቀመጥ አለበት። ጀርባው ይደገፋል፣ እግሮቹ ሳይጠላለፉ መሬት ይረግጣሉ፣ ክንዱ በልቡ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። በሚለካበት ጊዜ አያወራም፤ ወሬ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋልና። አሁን ይህንኑ አለካክ አንዲት ነርስ በራሷ ክንድ ላይ፣ በቀጥታ በሚተላለፍ ዌቢናር ላይ ታሳያለች እንበል። አምስቱን ደቂቃ የምትቀመጠው መቼ ነው? ተመልካች ዝም ብላ የተቀመጠች ሴት እያየ 5 ደቂቃ አይጠብቅም። ስለዚህ ከእሷ በፊት ያለው ዶክተር ገና እየተናገረ ሳለ መቀመጥ ይኖርባታል። ግን ጊዜው መድረሱን ማን ይነግራታል? በምን ይነግራታል? ከተቀመጠች በኋላስ የመድረክ መሪው እንዳያናግራት ማን ያስታውሰዋል?

እነዚህን ጥያቄዎች አስቀድሞ የሚመልሰው ወረቀት በቴሌቪዥን ሥራ ራንዳውን ይባላል። ተናጋሪዎቹ የሚሉት ሁሉ የሚጻፍበት የንግግር ጽሑፍ ግን አይደለም። ዶክተሩ ስለ ጨውና ስለ ደም ሥር የሚናገረውን ራሱ ያውቀዋል። ወረቀቱ የሚይዘው ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንዳለን፣ ማን እንደሚናገር፣ ተመልካቹ በዚያ ሰዓት ምን እንደሚያይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀጣዩ ነገር በየትኛው ቃል ላይ እንደሚጀምር ነው። እኔ ይህን የመጨረሻውን የወረቀቱ ልብ አድርጌ አየዋለሁ። የቀጥታ ዝግጅት አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ሰው በሚናገርበት መሐል አይደለም፤ አንዱ ጨርሶ ሌላው በሚቀበልበት ስፌት ላይ ነው። «ይሰማል? እየሰማችሁኝ ነው?» የሚባለው፣ ሁለት ሰዎች እኩል የሚጀምሩት፣ ያለፈው ስላይድ ሳይወርድ የሚቀረው እዚያ ነው።

ምሳሌያችንን ሙሉ እናድርገው። ዌቢናሩ ቅዳሜ ምሽት ለ60 ደቂቃ ይቆያል፤ ርዕሱ የደም ግፊትን ቤት ውስጥ መለካት ነው። የመድረክ መሪው፣ ዶክተሩና ነርሷ በየቤታቸው አዲስ አበባ ናቸው። ከተመልካች ዓይን ውጭ ደግሞ ሦስት ሰዎች አሉ። አዘጋጁ ሰዓቱን ይዞ ዝግጅቱን ያስኬዳል፣ አንዱ ስላይድ ይቀይራል፣ ሌላዋ ደግሞ ዋሽንግተን ሆና የተመልካቾችን ጥያቄ ትቀበላለች። ይህ ሁሉ ሰው የግድ ያስፈልጋል ወይ የሚል ይኖራል። አዘጋጁና ስላይድ ቀያሪው አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። የመድረክ መሪው ግን ሰዓትም ስላይድም ጥያቄም ከያዘ እንግዳውን ማዳመጥ ያቆማል፤ ይህም በፊቱ ላይ ይታያል።

መጀመሪያ የሚወሰነው የሰዓት ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት የምንለው በስልክ ላይ 8:00 PM ሆኖ ይታያል። ዋሽንግተን ያለችው ባልደረባ በእነሱ በጋ 1:00 PM ታነባለች፤ በክረምታቸው ሰዓታቸውን ሲመልሱ ደግሞ እኩለ ቀን ይሆንባታል። ዱባይ ያለ ተመልካች ከእኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። የቴል አቪቩ በበጋ ከእኛ እኩል ነው፣ በክረምት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። በወረቀቱ ላይ «2:18 ላይ ነርሷ ትግባ» ተብሎ ቢጻፍ ዋሽንግተን ያለችው ወደ አዲስ አበባ ሰዓት፣ ከዚያም ወደ ራሷ ሰዓት መመለስ አለባት፤ በቀጥታ ሥርጭት ላይ ደግሞ ለዚህ ጊዜ የለም። ስለዚህ ወረቀቱ ውስጥ የአገር ሰዓት አይገባም። ሥርጭቱ ሲከፈት 00:00 ይባላል፣ ሁሉም በዚያች ቅጽበት የስልኩን ስቶፕዋች ያስነሳል፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም የሚያወራው በደቂቃ ብቻ ይሆናል። የየከተማው ሰዓት ለመጋበዣው ይተዋል።

ደቂቃዎቹ የሚከፋፈሉት ከኋላ ወደ ፊት ነው። ዝግጅቱ 60:00 ላይ ማለቅ አለበት፣ ይህ አይነካም። ለምስጋናና ለመሰናበቻ 4 ደቂቃ፣ ከዚያ በፊት ዶክተሩ ሦስት ነገር ጠቅለል አድርጎ ለሚናገርበት 4 ደቂቃ እንተው። ስለዚህ ጥያቄና መልሱ 52:00 ላይ መዘጋት ይኖርበታል። ለአንድ ጥያቄ መልስ ሦስት ደቂቃ ያህል ከፈጀ፣ የመጨረሻው ጥያቄ ከ49:00 በኋላ መነሳት የለበትም። ይህች 49:00 ከፊት ወደ ኋላ ብንቆጥር በፍጹም አትታየንም ነበር። በወረቀቱ ላይ በቀይ ትጻፋለች። ከፊት በኩል ደግሞ ሰላምታና ጥያቄ እንዴት እንደሚላክ ማስረዳት 3 ደቂቃ፣ ቤታቸው መለኪያ ያላቸውንና የሌላቸውን የሚጠይቅ አጭር የድምፅ መስጫ 2 ደቂቃ፣ የዶክተሩ ገለጻ ከ5:00 እስከ 18:00፣ የነርሷ ማሳያ እስከ 25:00፣ ቁጥሮቹ ምን ማለት እንደሆኑ እስከ 30:00፣ የቀረው 22 ደቂቃ ለጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ የአማርኛ ዝግጅት አንድ የራሱ ጉዳይ አለው፤ እሱም ሰላምታ ነው። የመድረክ መሪው እንግዳውን ሰላም ይላል፣ እንግዳው ተመልካቹን ሰላም ይላል፣ ለጋባዡ ያመሰግናል፣ ስለ ጤናችን ፈጣሪን ያመሰግናል። ማንም ይህን ይቅር ሊል አይገባም፤ ሳይሰላሙ ወደ ነገር መግባት ለሰሚው ጆሮ ይሻክራል። ነገር ግን ይህ ለእያንዳንዱ ሰው ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ ይወስዳል፣ ብዙ ወረቀቶች ላይም አይቆጠርም። የሚሻለው የራሱን ቦታ መስጠት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ ዶክተሩም ሲስተሯም አንድ ላይ በስክሪኑ ይታያሉ፣ ሁለቱም ሰላምታቸውን ያቀርባሉ፣ ከዚያ በኋላ ተራቸው ሲደርስ በቀጥታ ወደ ጉዳያቸው ይገባሉ።

አሁን ወደ ስፌቱ እንምጣ። ከዶክተሩ ወደ ነርሷ የሚደረገው ሽግግር በወረቀቱ ላይ እንዲህ ይነበባል፦

14:00 — አዘጋጅ ለሲስተር በቴሌግራም፦ «ሲስተር፣ ይቀመጡ።» ሲስተር ጨርቁን ክንዷ ላይ ጠምጥማ ትቀመጣለች። ካሜራና ማይክ ዝግ። መልስ አትጽፍም።

17:00 — አዘጋጅ ለዶክተር፦ «1 ደቂቃ።» ስላይድ 11 ላይ መሆን አለበት።

18:00 — የዶክተር መዝጊያ ቃል፦ «…ቁጥሩ የሚታመነው አለካኩ ትክክል ሲሆን ነው።» በዚህ ቃል ላይ ስላይዱ ይወርዳል፣ የሲስተር ካሜራ ይከፈታል። ማይኳ ዝግ ይቆያል።

18:05 — የመድረክ መሪ፣ ቃል በቃል፦ «እናመሰግናለን ዶክተር። ሲስተር አራት ደቂቃ ያህል ጸጥ ብለው ተቀምጠዋል። ለክተው እስኪጨርሱ እኛም አናናግራቸውም።» የአቀማመጧን ሁኔታ አንድ በአንድ ለተመልካች ይገልጻል።

19:30 — ሲስተር ቁልፉን ትጫናለች። የመድረክ መሪ ንግግሩን ለተመልካች ብቻ ይቀጥላል።

በእነዚህ መስመሮች ውስጥ ቃል በቃል የተጻፉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ናቸው ማለት ይቻላል፦ የዶክተሩ መዝጊያና የመድረክ መሪው መቀበያ። የዶክተሩ መዝጊያ ለአራት ሰዎች ምልክት ነው። ስላይድ ቀያሪው፣ ነርሷ፣ አዘጋጁና የመድረክ መሪው ሁሉም ያንን ቃል ይጠብቃሉ። ዶክተሩ በመሐል ተመሳሳይ ነገር ቢናገር እንኳ «የሚታመነው አለካኩ ትክክል ሲሆን ነው» እስካላለ ድረስ ማንም አይንቀሳቀስም። ስለዚህ መዝጊያ ቃሉን ከእሱ ጋር መስማማት ያስፈልጋል፤ ለአንደበቱ እንዲመች ራሱ ቢመርጠው ይበልጣል።

ማሳያው ሌላም ነገር አስቀድሞ እንዲጻፍ ያስገድዳል። የነርሷ ቁጥር ከፍ ብሎ ቢወጣስ? በቀጥታ ሥርጭት ላይ 150 በ95 ቢታይ የመድረክ መሪው ፊቱ ይለወጣል፣ ተመልካችም ስለ እሷ ያስባል። ወረቀቱ ላይ ለዚህ አንድ መስመር ይዘጋጃል። ዶክተሩ ማይኩን ከፍቶ የአንድ ጊዜ ልኬት ምርመራ እንዳልሆነ፣ የደም ግፊት አለ የሚባለው በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሲገኝ እንደሆነ ያስረዳል። ከዚያ አንድ ደቂቃ ተጠብቆ ሁለተኛው ልኬት ይወሰዳል። ከዝግጅቱ በፊት ደግሞ ቁጥሯ ለሕዝብ መታየቱን ነርሷ መስማማቷን ማረጋገጥ ግድ ነው፤ ካልተስማማች ካሜራው ክንዷን ያሳያል እንጂ የመለኪያውን መስኮት አያሳይም።

የስላይድ ለውጥ ትንሽ ነገር ይመስላል። ተናጋሪው ራሱ ሲቀይር አንዳንዴ ይረሳል፣ አንዳንዴ ሁለቴ ይጫናል። ሌላ ሰው ሲቀይርለት ደግሞ በየደቂቃው «ቀጣዩ ስላይድ እባክህ» ማለት ይመጣል፤ ይህ ንግግሩን ይቆራርጠዋል። መፍትሔው በዶክተሩ የማስታወሻ ጽሑፍ ውስጥ ስላይዱ የሚቀየርበትን ቃል ማስመር ነው። ስላይድ 7 የጨው ምንጮችን የሚያሳይ ከሆነና ዶክተሩ «ወጥ ቤታችን ውስጥ ስንገባ» ብሎ የሚጀምር ከሆነ፣ ቀያሪው «ወጥ ቤታችን» የሚለውን ሲሰማ ይጫናል። ስላይዱ ተመልካቹ ጋ የሚደርሰው ትንሽ ዘግይቶ ስለሆነ ምልክቱ ከቁም ነገሩ አንድ ሐረግ ቀደም ብሎ ቢቀመጥ ጥሩ ነው። ቁጥር ያለበት ስላይድ ላይ ግን ማስቀደም አይገባም፤ ተመልካች 140 በ90 የሚለውን ካየ በኋላ ዶክተሩ የሚናገረውን መስማት ያቆማል።

ቁጥሮቹ በወረቀቱና በስላይዱ ላይ አንድ መሆን አለባቸው፤ በስላይዱ ጥግ ላይ በጉልህ ይጻፉ። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚጥለው ዶክተሩ ዋዜማው ላይ አንድ ስላይድ መጨመሩ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ በአንድ ይገፋሉ፣ ወረቀቱ ግን የድሮውን ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ስላይዶቹ ከዝግጅቱ አንድ ቀን በፊት ይዘጋሉ። የማይፈለግ ስላይድ ቢኖር እንኳ ከመሰረዝ መደበቅ ይሻላል፤ በፓወርፖይንት የተደበቀ ስላይድ ቁጥሩን እንደያዘ ይቆያልና። በአንድ ስላይድ ላይ መስመር በመስመር እየተገለጠ የሚወጣ ጽሑፍም ይቅር፤ ቀያሪው ስንት ጊዜ መጫን እንዳለበት ሲቆጥር ምልክቱ ያመልጠዋል። ፊደላችንም ያው እንደምናውቀው የተጻፈበት ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ስላይዱ በሚያስተላልፈው ሰው ኮምፒውተር ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከፍቶ መታየት አለበት።

እንግዲህ ወረቀቱ የሚፈተነው ዶክተሩ ሲያረዝም ነው፤ እውቀት ያለውና ጉዳዩ የሚያሳስበው ሰው ደግሞ ያረዝማል። ስቶፕዋቹ 17:00 ሲል ዶክተሩ ገና ስላይድ 8 ላይ ነው እንበል። በያዘው ፍጥነት ከሄደ 22:00 ላይ ነው የሚጨርሰው፤ ማለትም የ4 ደቂቃ ዕዳ አለብን። ወረቀቱ በደንብ ከተጻፈ አዘጋጁ በዚህ ሰዓት አዲስ ነገር አይፈጥርም፤ አስቀድሞ የተጻፈውን ያነባል። ስላይድ 10 እና 11 አጠገብ «ሊዘለል ይችላል» ተብሏል፤ ምክንያቱም ስለ መድኃኒት ዓይነቶች ናቸው፣ በጥያቄው ክፍል መነሳታቸው አይቀርም። እነሱን መዝለል ሁለት ደቂቃ ያህል ይመልሳል። ዶክተሩ ስላይድ 9ን ሲጨርስ ቀያሪው 12 ጽፎ Enter ይጫናል፤ ፓወርፖይንት መሐል ያሉትን ሳያሳይ በቀጥታ ወደ 12 ይሄዳል። የቀረው ሁለት ደቂቃ ከጥያቄው 22 ደቂቃ ይቀነሳል። የማሳያው ሰዓት ግን አይነካም፤ በሁለቱ ልኬቶች መሐል ያለው አንድ ደቂቃ የልኬቱ ሕግ ነውና ማንም ሊያሳጥረው አይችልም። ነርሷም ከታሰበው በላይ ሁለት ደቂቃ ብትቀመጥ አንዳች ጉዳት የለውም። ወረቀቱ የትኛው ክፍል እንደሚላላና የትኛው እንደማይላላ ለይቶ ካላስቀመጠ፣ በጭንቀት ውስጥ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚቆርጠው በጣም የሚያስፈልገውን ነው።

ለዶክተሩ መንገር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አንጋፋ ሐኪምን በሕዝብ ፊት ማቋረጥ ለመድረክ መሪው ይከብደዋል፤ ማክበሩ እንጂ ድክመቱ አይደለም። ይህ ክብደት የሚቀለው ማቋረጫው ከዶክተሩ ጋር አስቀድሞ ሲመከርበት ነው። «ዶክተር፣ ይቅርታዎን፤ ይህን ነጥብ ተመልካቾችም እየጠየቁት ስለሆነ በጥያቄው ሰዓት እንመለስበታለን» የሚል ዓረፍተ ነገር በወረቀቱ ላይ ይጻፋል፣ ዶክተሩም ያነበዋል። ሲሰማው ሰዓቱ እንዳለቀ ያውቃል፤ ተመልካቹ ግን የሚሰማው ትሕትና ብቻ ነው። ከዚያ በፊት በቴሌግራም የሚላኩት «5»፣ «2»፣ «1» የሚሉት አጫጭር መልእክቶች ከአንድ ሰው ብቻ ይመጣሉ። ሦስት ሰዎች ለተናጋሪው መጻፍ ከጀመሩ ማንኛቸውንም አያነብም። ስልኩም ድምፁ ተዘግቶ ከካሜራው አጠገብ ይቁም፤ ወደ ጉልበት እያዩ መናገር በስክሪን ላይ ያስታውቃል።

ጥያቄና መልሱ ነጻ ክፍል ስለሚመስል በብዙ ወረቀቶች ላይ «ጥያቄ፣ 22 ደቂቃ» ተብሎ ይታለፋል። ግን እዚህም ስፌት አለ። ብዙ ተመልካች አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፋል፤ የመድረክ መሪው እሱን በቀጥታ ላንብብ ካለ ይደናቀፋል። ጥያቄ ተቀባይዋ ከ Q&A ሳጥኑ ትመርጣለች፣ በፊደላችን አሳጥራ ትጽፋለች፣ የጠያቂውን ስምና የግል ታሪክ ታወጣለች፣ ሁልጊዜ ሁለት ጥያቄ ቀድማ ታዘጋጃለች። «እናቴ ይህን መድኃኒት ታቋርጥ ወይ» የሚል ጥያቄ እንዳለ አይነበብም፤ «መድኃኒት ያለ ሐኪም ምክር ማቋረጥ ምን ያስከትላል» ተብሎ ይቀርባል። የመጀመሪያው ጥያቄ ደግሞ ከዝግጅቱ በፊት ተጽፎ ይቀመጣል፤ ሳጥኑ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ባዶ ሊሆን ይችላልና።

መብራት ሲጠፋ የላፕቶፕ ባትሪ ይቆያል፣ ዋይፋዩ ግን አብሮ ይጠፋል። የመድረክ መሪው የስልኩን ዳታ ለመተኪያ ያዘጋጃል፤ እስኪመለስ ያለው ግማሽ ደቂቃም ባለቤት ያስፈልገዋል። በወረቀቱ አናት ላይ «የመድረክ መሪው ድምፅ ከ10 ሰከንድ በላይ ከጠፋ፣ ዋሽንግተን ትቀጥላለች» ይባላል፤ የምትለው ዓረፍተ ነገርም ከሥሩ ይጻፋል። እሷ በዙም ላይ ተባባሪ አስተናጋጅ ሆና መሾም አለባት፤ አለበለዚያ የድምፅ መስጫ መክፈትም ሆነ ሰው ማስገባት አትችልም። ወረቀቱም በወረቀት ታትሞ በሁሉም እጅ ይሁን፤ ስክሪኑ ሲጠፋ በስክሪኑ ላይ ያለው ራንዳውን አብሮ ይጠፋል።

ልምምዱ ሙሉውን ሰዓት መደገም አያስፈልገውም። የቲያትር ሰዎች እንደሚያደርጉት ከምልክት ወደ ምልክት መዝለል ይበቃል። ዶክተሩ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ይናገራል፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ መዝጊያ ቃሉ ይሄዳል፣ ስላይዱ ይወርዳል፣ የሲስተር ካሜራ ይከፈታል፣ የመድረክ መሪው ይቀበላል። ስፌቱ ከተንገዳገደ እዚያው ይደገማል። ገለጻውን ግን ዶክተሩ ብቻውን ቤቱ ሆኖ፣ ጮክ ብሎ፣ ሰዓት ይዞ መለካት አለበት። በዓይን ማንበብ ሁልጊዜ ከመናገር ይፈጥናል። ለእንግሊዝኛ ንግግር የሚሰጡት የቃላት ብዛት ስሌቶችም ለእኛ አይሠሩም፤ አንዱ የአማርኛ ግስ ባለቤቱንም ተሳቢውንም አዝሎ ስለሚሄድ የቃል ቁጥራችን ያንሳል፣ ሰዓቱ ግን አያንስም።

በዕለቱ ቡድኑ ከግማሽ ሰዓት በፊት በዙም የልምምድ ክፍል ይገናኛል፤ በዚያ ውስጥ ተመልካች አያያቸውም አይሰማቸውም። ድምፅ ይፈተሻል፣ ቪዲዮ የሚታይ ከሆነ Share sound የሚለው መመረጡ ይረጋገጣል። ከዚያ አዘጋጁ ወደ ዜሮ ይቆጥራል፣ Start Webinar ይጫናል፣ ስቶፕዋቾቹ ይነሳሉ።

የመዝጊያው ሰዓት ሲደርስ ወረቀቱ በመሰናበቻው ዓረፍተ ነገር ላይ አይቆምም። ሰው ከተሰናበተ በኋላ ይተነፍሳል፣ ይስቃል፣ «ያቺ ጥያቄ አስቸገረችን» ይላል፤ ሥርጭቱ ግን እስኪዘጋ ድረስ ክፍት ነው። ስለዚህ ከመሰናበቻው በታች ሁለት መስመር ይጨመራል። 59:50 ላይ የሁሉም ማይክ ይዘጋል፣ አዘጋጁም ሥርጭቱን ይዘጋዋል። «ወጥተናል» ብሎ በቴሌግራም እስኪጽፍ ድረስ ማንም ፊቱን ከካሜራው አይመልስም። ከዚያም በዚያው ምሽት፣ ሁሉም ገና ሳይረሳው፣ አዘጋጁ በእያንዳንዱ ክፍል አጠገብ በእርግጥ የፈጀውን ደቂቃ ይጽፋል። ለዶክተሩ 13 የተሰጠው 16 ፈጅቶ ከሆነ፣ ለሚቀጥለው ዝግጅት 16 ይሰጠዋል፤ ሦስቱ ደቂቃም ከየት እንደሚመጣ ያን ጊዜ በጠረጴዛ ዙሪያ ይወሰናል።